በኢ-ስፖርት ውርርድ ኦድ የሚወጣው እንዴት ነው? ‘ስስ’ ገበያ ለአጭበርባሪዎች የሚከፍተው በር

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሰኔ 2013 አሌክሴይ ቤሬዚን የተባለ ሩሲያዊ የዶታ 2 ተጫዋች የራሱ ቡድን ይሸነፋል ብሎ 100 ዶላር አስያዘ። ቡድኑም ተሸነፈ። ውርርዱ የከፈለው ገንዘብ 322 ዶላር ነበር። ድርጊቱ ሲታወቅ ተጫዋቹ ከቡድኑ ተሰናበተ፤ የውድድሩ አዘጋጅም ቀጣው። ቤሬዚን ከዓመታት በኋላ ከዓለም ታላላቅ ቡድኖች በአንዱ ቢሰለፍም ቁጥሯ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም። ተመልካቾች አንድ ተጫዋች ሊገባ የማይችል ስህተት ሲፈጽም ባዩ ቁጥር በቀጥታ ስርጭቱ የመልእክት ሳጥን ላይ “322” ብለው ይጽፋሉ።

ተመልካቾች የሚስቁባት ይህች ቁጥር ጠቃሚ መረጃም ይዛለች። 100 ዶላር 322 ከሆነ የተሰጠው ኦድ 3.22 ነበር ማለት ነው። አንድን ለ3.22 ብናካፍል 0.31 እናገኛለን። አወራራጁ ድርጅት በዚያ ዕለት የቤሬዚን ቡድን የመሸነፍ ዕድሉ ከ31 በመቶ አይበልጥም ብሎ ገምቷል ማለት ነው። ከአምስቱ ተሰላፊዎች አንዱ ደግሞ ድርጅቱ የማያውቀውን ነገር ያውቅ ነበር። ለመሆኑ 31 በመቶ የሚለው ግምት ከየት ይመጣል? ገማቹስ ስለ ተጋጣሚዎቹ ምን ያህል ያውቃል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ብዥታን ማጥራት ያስፈልጋል። በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ በውርርድ ቤቶች ግድግዳ ላይ በየጥቂት ደቂቃው የሚታዩት ‘ቨርቹዋል’ የሚባሉ የእግር ኳስና የፈረስ ውድድሮች ኢ-ስፖርት አይደሉም። እነዚያን የሚጫወት ሰው የለም፤ ውጤቱን የሚያወጣው በዘፈቀደ ቁጥር የሚመርጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የድርጅቱ ድርሻም አስቀድሞ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀምጧል። ኢ-ስፖርት ግን ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩበት ጨዋታ ነው። ካውንተር-ስትራይክ፣ ዶታ 2፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስና ስታርክራፍት ከታወቁት መካከል ናቸው። ሰው ስላለበት ችሎታ አለው፤ ሰው ስላለበት ጉቦም ሊገባበት ይችላል። በአንድ የውርርድ ድረ ገጽ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን መደርደራቸው ለተወራራጩ የሚጠቅም አይመስለንም።

ከ12 ጨዋታ የተወለደ ኦድ

ኦድ ማውጣት በመሠረቱ ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ቡድን የማሸነፍ ዕድል ይገመታል፤ ቀጥሎ ከዚያ ላይ የድርጅቱ ድርሻ ይቀነሳል። ሁለተኛው ቀላል ሒሳብ ነው። ጭንቁ ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው።

በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ላይ የሚሠራ ኦድ አውጪ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸ መዝገብ አለው። ቡድኖቹ በየዓመቱ 38 ጊዜ ይጫወታሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስብስብ ከዓመት ዓመት ይቆያል፤ የጨዋታው ሕግም ብዙም አይለወጥም። አሁን ደግሞ በካውንተር-ስትራይክ ዝቅተኛ እርከን የሚጫወት፣ ከሁለት ወር በፊት የተቋቋመ አንድ ቡድን እናስብ። እስካሁን በ12 ካርታዎች ላይ ተጫውቶ በ8ቱ አሸንፏል እንበል። (ካርታ የሚባለው ፍልሚያው የሚካሄድበት ምናባዊ ስፍራ ሲሆን፣ አንድ ግጥሚያ በአንድ ወይም በሦስት ካርታዎች ላይ ሊካሄድ ይችላል።) 8 ከ12 ማለት 67 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ግን ማመን ይቻላል?

በስታቲስቲክስ የተለመደው የስህተት ስሌት መልሱን ይሰጠናል። 12 ጊዜ ብቻ ተጫውቶ 8 ያሸነፈ ቡድን እውነተኛ ችሎታው ከ40 በመቶ ትንሽ ዝቅ ካለ ነጥብ አንስቶ እስከ 86 በመቶ በየትኛውም ቦታ ሊገኝ ይችላል። ደካማ ሆኖ ዕድል የቀናው፣ ወይም ድንቅ ቡድን ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ሁለቱን አይለይም። በአንጻሩ 200 ጊዜ ተጫውቶ 134 ያሸነፈ ቡድን ተመሳሳይ 67 በመቶ ቢኖረውም የግምቱ ስፋት ከ60 እስከ 73 በመቶ ድረስ ይጠባል።

ልምድ ያላቸው ኦድ አውጪዎች ይህን ስለሚያውቁ የአዲስ ቡድንን መዝገብ እንዳለ አይወስዱም፤ ወደ መካከል ይጎትቱታል። አንዱ ቀላል ዘዴ ለእያንዳንዱ ቡድን ያልተካሄዱ ጨዋታዎችን፣ ለምሳሌ 10 ድልና 10 ሽንፈት፣ በመዝገቡ ላይ መጨመር ነው። የአዲሱ ቡድን 8 ከ12 ያኔ 18 ከ32 ይሆናል፤ 67 የነበረው ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። 200 ጊዜ የተጫወተው ግን 144 ከ220 ሆኖ 65 በመቶ ላይ ይቀራል። የተጨመሩት 20 ጨዋታዎች በትልቁ መዝገብ ላይ እንደ ጠብታ ሲሆኑ በትንሹ ላይ ግን ከራሱ ከመዝገቡ ይከብዳሉ። ይህ ጥንቃቄ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም። 10 ይሁን 5 ወይም 30፣ የሚወስነው የባለሙያው ግምት ነው።

እንግዲህ በአማካይ ተጋጣሚ ላይ ለአዲሱ ቡድን 56፣ ለተቃራኒው 44 በመቶ ተሰጠ እንበል። ያለ ምንም ትርፍ ተገቢው ኦድ በግምት 1.78 እና 2.28 ይሆናል። አወራራጁ ግን 1.62 እና 2.08 ብሎ ይለጥፋል። አንባቢ ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል፦ አንድን ለ1.62፣ ከዚያም ለ2.08 አካፍሎ ሁለቱን ውጤቶች ቢደምር 1.10 ገደማ ያገኛል። ከ1 በላይ የሆነው 10 በመቶ የድርጅቱ ትራስ ነው። በታላላቅ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ይህ ትራስ በጣም ይሳሳል፤ በማይታወቁ የኢ-ስፖርት ግጥሚያዎች ደግሞ ይወፍራል። ስለዚህ የውፍረቱ መጠን ድርጅቱ በራሱ ግምት ምን ያህል እንደማይተማመን የሚናገር ምስክር ነው።

መዝገቡ በአንድ ሌሊት ሲያረጅ

የመረጃው ማነስ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ያለውም ቶሎ ያረጃል። ከአምስት ተጫዋቾች ሁለቱ ሲቀየሩ የቡድኑ ስም ያው ቢሆንም ቡድኑ ሌላ ነው። በዝቅተኛው እርከን ደግሞ ተጫዋች የሚቀየረው በውድድር ዘመን መካከል፣ አንዳንዴም ጨዋታው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ተተኪው ማን እንደሆነ መጀመሪያ የሚታወቀው በአንድ ተጫዋች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል።

ጨዋታው ራሱም ይለወጣል። የእግር ኳስን ሜዳ ርዝመት ማንም በማክሰኞ ማታ አያሳጥረውም። የዶታ 2 ወይም የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ባለቤት ኩባንያ ግን በአንድ ማሻሻያ የገጸ ባሕርያትን ጉልበት ሊቀንስ፣ የመሣሪያን ዋጋ ሊጨምር ይችላል። በአንድ ስልት ተክኖ ሲያሸንፍ የከረመ ቡድን በማግስቱ ያ ስልት አይሠራለትም። ኦድ አውጪው ከማሻሻያው በፊት የተሰበሰበውን መዝገብ ይጣለው ወይስ ያቆየው? ቢጥለው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ቢያቆየው ስለሌላ ጨዋታ የሚናገር መዝገብ ይዟል።

በዚህ ላይ የግጥሚያው ርዝመት አለ። በእያንዳንዱ ካርታ 60 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለው ቡድን፣ ከሦስት ካርታ ሁለቱን ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ ዕድሉ 65 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ ካርታ ብቻ ከሆነ ግን እዚያው 60 ላይ ይቀራል። በታችኛው እርከን ብዙ ግጥሚያዎች በአንድ ካርታ ስለሚያልቁ የደካማው ማሸነፍ ብርቅ አይደለም። ወደ ኋላ እንደምናየው ይህ ሆን ብሎ ለሚሸነፍ ሰው ምቹ መሸሸጊያ ነው።

ባለሙያው በራሱ ግምት ካልተማመነ ሁለት መከላከያ ይቀሩታል። አንደኛው ለአንድ ውርርድ የሚፈቀደውን ገንዘብ መገደብ ነው። በዓለም ዋንጫ ላይ በሺዎች ዶላር የሚቀበል ድርጅት በማይታወቅ የኢ-ስፖርት ግጥሚያ ላይ ጥቂት መቶ ብቻ ሊፈቅድ ይችላል። ሁለተኛው ገንዘቡን መከተል ነው። በዝቅተኛ ጣሪያ ኦዱን አስቀድሞ ይከፍትና ማን በየትኛው ወገን እንደሚያስይዝ ይመለከታል። ሲተርፋቸው የኖሩ ደንበኞች ወደ አንዱ ቡድን ካዘነበሉ ኦዱን ያስተካክላል። ሌሎች ድርጅቶች ደግሞ እሱን እያዩ የየራሳቸውን ይለውጣሉ። ስለዚህ አንባቢ አሥር ድረ ገጾች ላይ ተመሳሳይ ኦድ ቢያይ አሥር ባለሙያዎች ተስማምተዋል ብሎ ባይደመድም ይመረጣል። አንዱ ገምቶ ዘጠኙ ቀድተውት ይሆናል።

ስስ ገበያ የምንለው ይህንን ነው፤ የሚያስይዘው ሰው ጥቂት፣ የሚዘዋወረው ገንዘብ አነስተኛ፣ የዋጋው ምንጭ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት የሆነበትን። በሰፊ ገበያ ላይ አንድ ሰው የሚያስይዘው ሺህ ዶላር ባሕር ላይ እንደ መትፋት ነው፤ በስሱ ላይ ዋጋውን ያናውጠዋል።

16 ለ 4

ኦገስት 20 ቀን 2014 በሰሜን አሜሪካ የካውንተር-ስትራይክ ሊግ አይባይፓወር የተባለው ቡድን ኔትኮድጋይድስ ከተባለ ቡድን ጋር ተጫወተ። አይባይፓወር በዚያን ወቅት ከአህጉሩ ምርጥ ቡድኖች አንዱ ነበር፤ ተጋጣሚው በጣም ያንሳል። ግጥሚያው በአንድ ካርታ የሚያልቅ ነበር። በወቅቱ ሕግ 16 ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ያሸንፋል። አይባይፓወር 16 ለ 4 ተሸነፈ።

የተመለከቱት ሰዎች ነገሩ አላማራቸውም። የቡድኑ ተጫዋቾች በዋዛ ፈዛዛ ይጫወቱ እንደነበር በጊዜው ተነግሯል። ሆኖም አጨዋወት ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና ጉዳዩ ለወራት ተዳፍኖ ቆየ። ጋዜጠኛው ሪቻርድ ሉዊስ በጃንዋሪ 2015 የስልክ መልእክቶችን ጨምሮ ማስረጃዎችን ይዞ ብቅ ሲል ግን ነገሩ ተገለጠ። የጨዋታው ባለቤት የሆነው ቫልቭ ኩባንያ የራሱን መዝገብ መረመረና ከግጥሚያው በኋላ ዋጋቸው ከፍ ያለ የጨዋታ ዕቃዎች ከአንድ ተወራራጅ ተነስተው፣ በአንድ አገናኝ በኩል አልፈው፣ ወደ አይባይፓወር ተጫዋቾችና ወደ ኔትኮድጋይድስ መሥራች መተላለፋቸውን አረጋገጠ። በዚያው ወር ሰባት ሰዎች ቫልቭ ከሚደግፋቸው ውድድሮች ታገዱ። በ2016 መጀመሪያ ላይ እገዳው ዘላለማዊ መሆኑ ተገለጸ። ከአይባይፓወር አምስት ተሰላፊዎች ከእገዳው ያመለጠው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከዕቃዎቹ እንዳልወሰደ ተነግሯል።

ልብ ይበሉ፤ እዚህ ላይ የተወራረዱት በጥሬ ገንዘብ አይደለም። ‘ስኪን’ በሚባሉ፣ የመሣሪያን መልክ በሚያስጌጡ የጨዋታው ዕቃዎች ነው። ዕቃዎቹ በተጫዋቾች መካከል ስለሚሸጡና ስለሚለወጡ የገንዘብን ያህል ዋጋ ያወጣሉ። ውርርዱ የተካሄደበት ድረ ገጽም እንደ ተራ አወራራጅ ኦድ አያወጣም ነበር። ሁሉም ተወራራጆች ያስያዙትን በአንድ ቋት ያስገቡና ያሸነፈው ወገን የተሸናፊውን ድርሻ ይካፈላል። ኦዱን የሚሠራው የገንዘቡ ክፍፍል ነው። የገበያው ስስነት ከሁሉ በላይ የሚታየውም በእንዲህ ዓይነቱ ቋት ላይ ነው፤ በምሳሌ ብናየው ይቀላል።

በኃያሉ ቡድን ላይ 18 ሺህ ዶላር፣ በደካማው ላይ 2 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ተይዟል እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። ደካማው ካሸነፈ 20 ሺሁ ለ2 ሺሁ ይካፈላል፤ ኦዱ 10 ነው። ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው 1 ሺህ በደካማው ላይ ቢጨምር ቋቱ 21 ሺህ፣ የደካማው ድርሻ 3 ሺህ ይሆናል። ኦዱ ወደ 7 ወርዶ ሰውዬው 6 ሺህ ያተርፋል። 4 ሺህ ቢጨምር ኦዱ ወደ 4 ይወርዳል፤ ትርፉ 12 ሺህ ነው። 10 ሺህ ቢያፈስስ ግን ኦዱ 2.5 ብቻ ሆኖ ትርፉ 15 ሺህ ላይ ይቀራል። ከ4 ወደ 10 ሺህ ለማሳደግ የጨመረው 6 ሺህ ዶላር ተጨማሪ 3 ሺህ ብቻ አስገኘለት፤ ያውም ዘጠኝ ለአንድ የነበረው ክፍፍል በድንገት ሦስት ለሁለት ሲሆን ያላየው ዓይን አይኖርም።

ስለዚህ ስስ ገበያ አጭበርባሪውን ሁለት ጊዜ ይይዘዋል። በብዛት እንዳያስይዝ ዋጋው ይሸሸዋል፤ ሲያስይዝም ይታያል። ለዚህ ነው ውርርዱን በብዙ አካውንቶች በትንንሹ የሚበታትነው። ታዲያ አደጋው ምኑ ላይ ነው ቢባል፣ ለማጭበርበር የሚጠየቀው ዋጋም በዚያው ልክ ትንሽ መሆኑ ላይ ነው። በታችኛው እርከን ያሉ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ኑሮ አይሸፍንም። የሽልማቱ ገንዘብ ለአምስት ሲካፈል ከቁም ነገር የማይቆጠርበት ግጥሚያ ብዙ ነው። በዚህ መሐል ጥቂት ሺህ ዶላር የሚያቀርብ ሰው ቢመጣ የሚያቀርበው ከድሉ የሚበልጥ ሽንፈትን ነው። በቋቱ ምሳሌ ላይ ደግሞ የአጭበርባሪው ትርፍ ከድርጅቱ ካዝና የወጣ አይደለም። በኃያሉ ቡድን ላይ ካስያዙት፣ እንዲሁም በደካማው ላይ በቅንነት አስይዘው ድርሻቸው ከ10 ወደ 4 ከወረደባቸው ተወራራጆች ኪስ የወጣ ነው።

ቫልቭ ሐምሌ 2016 ላይ ለ23 የስኪን ቁማር ድረ ገጾች እንዲያቆሙ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላከ። አንዳንዶቹ ተዘጉ፤ ይህ ዓይነቱ ንግድ ግን መልኩን እየቀያየረ ዘልቋል።

አንድ ሰው ብቻ ሲበቃ

በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ አንዱ ብቻውን ሽንፈትን ማረጋገጥ ይከብደዋል። ቤሬዚን 100 ዶላር ብቻ ማስያዙ ምናልባት ይህንንም ያሳያል። አንድ ለአንድ በሚካሄድ ጨዋታ ግን ጉቦውን የሚቀበል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በደቡብ ኮሪያ የስታርክራፍት ዓለም ይህን በመራራ መንገድ ተምሯል። በ2010 ማ ጄዩን የተባለውን ዝነኛ ጨምሮ 11 ተጫዋቾች ውጤት በማጭበርበር ዕድሜ ልካቸውን ታገዱ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ የ2014 የዓለም ሻምፒዮናን ያነሳው ሊ ሱንግህዩን ተያዘ። በ2015 ሁለት ጨዋታዎችን ሆን ብሎ ለመሸነፍ 70 ሚሊዮን ዎን ተቀብሏል። ፍርድ ቤቱ በገደብ የተያዘ የ18 ወር እስራትና ያንኑ ያህል 70 ሚሊዮን ዎን ቅጣት በየነበት።

የሁለተኛው ታሪክ ‘የሚሸጠው የተራበ ተጫዋች ብቻ ነው’ የሚለውን አስተሳሰብ ይፈትነዋል። ሊ ድሃ አልነበረም። ነገር ግን የሻምፒዮን ሽንፈት ትልቅ ኦድ ስለሚያስገኝ ለደላሎች ከማንም ይልቅ ውድ ዕቃ ነበር።

ለአካባቢያችን አንባቢ ይህ ነጥብ ሩቅ አይደለም። ብዙ የውርርድ ድረ ገጾች ሁለት ሰዎች በእግር ኳስ የቪዲዮ ጌም የሚፋለሙባቸውን፣ በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቁ ግጥሚያዎች ከጠዋት እስከ ማታ ያቀርባሉ። ተጫዋቾቹ የሚታወቁት በቅጽል ስም ብቻ ሲሆን አጠገቡ የታላላቅ ክለቦች ስም ይለጠፋል። ሰው ስለሚጫወታቸው ቨርቹዋል አይደሉም። የመረጃ እጥረት ያለባቸውም አይመስሉም፤ አንዱ ተጫዋች በሳምንት ውስጥ በርካታ ጊዜ ይጫወታልና። የጎደለው ሌላ ነው፤ ከተወራራጁና ከአወራራጁ በቀር ውጤቱ ግድ የሚሰጠው ተመልካች፣ ደጋፊም ሆነ ጋዜጠኛ የለም። የአይባይፓወርን ጨዋታ ‘አላማረንም’ ያሉት ቡድኑን በሚገባ የሚያውቁ ተመልካቾች ነበሩ።

ኦዱ ሲንቀሳቀስ ምን ይነግረናል?

መርማሪዎች መጀመሪያ የሚያዩት የዋጋውን ጉዞ ነው። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው የደካማው ቡድን ኦድ ከ3.20 ወደ 2.10 ቢወርድ የማሸነፍ ግምቱ ከ31 ወደ 48 በመቶ ዘለለ ማለት ነው። ይህን የሚያስረዳ ዜና አለ ወይ? የኃያሉ ቡድን ዋና ተኳሽ ታሞ ከሆነ፣ ተተኪው ገና ልምምድ ያልሠራ ከሆነ፣ ነገሩ ንጹሕ ነው። ቀድመው የሰሙ ሰዎች ቀድመው አስያዙ፤ አለቀ። ኢ-ስፖርት ላይ እንዲህ ያለው ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚናኝ አብዛኛው የኦድ መናወጥ በዚህ የሚፈታ ነው። የዋጋ ጉዞ ብቻውን ማንንም አያስቀጣም፤ ሊያስቀጣም አይገባም።

ጥርጣሬን የሚያከብደው የሌሎች ምልክቶች መደራረብ ነው። ትናንት የተከፈቱ አካውንቶች በተፈቀደላቸው ጣሪያ ልክ አስይዘዋል፤ ከአንድ ከተማ ናቸው፤ ያስያዙት በአሸናፊው ላይ ብቻ ሳይሆን ማንም በማይነካው ጠባብ ነገር ላይ ነው፦ ‘የመጀመሪያውን ዙር ማን ያሸንፋል’ ወይም ‘በስንት ዙር ልዩነት ያልቃል’ በሚለው ላይ። የኋለኛው በተለይ አደገኛ ነው። ተጫዋቹ ግጥሚያውን ሳይሸጥ አንዲት ዙር ብቻ ሊሸጥ ይችላል፤ ቡድኑ አሸንፎ ስለሚወጣ ማንም አያኮርፍም።

ይህን መረጃ ለማሰባሰብ በ2016 የተቋቋመው የኢ-ስፖርት ንጽሕና ኮሚሽን፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢሲክ፣ ከአወራራጅ ድርጅቶች የሚመጡ የጥርጣሬ ማስጠንቀቂያዎችን ይቀበላል። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ፖሊስ ከካውንተር-ስትራይክ ውጤት ማጭበርበር ጋር በተያያዘ በ2019 ወጣቶችን በቁጥጥር ሥር ሲያውል በዓለም ላይ ከቀደምቶቹ እርምጃዎች አንዱ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ኢሲክ በዚያው አገር 35 ተጫዋቾችን ከውርርድ ሕግ ጥሰት ጋር በተያያዘ ቀጣ። በዚያው ዓመት የኮሚሽኑ ኃላፊ ኢያን ስሚዝ በሰሜን አሜሪካ ዝቅተኛ እርከን የተፈጸሙ የተደራጁ ማጭበርበሮችን ከአሜሪካው ኤፍቢአይ ጋር እየመረመሩ መሆኑን ተናግረዋል።

የዚህ ሥርዓት ድክመት ኮሚሽኑ የሚያየው የሚነግሩትን ብቻ መሆኑ ነው። ፈቃድ ያለው ድርጅት ደንበኛው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ መዝገቡንም ለመርማሪ ሊያቀርብ ይችላል። በክሪፕቶ ገንዘብ የሚሠራ፣ ማንነት የማይጠይቅና ለማንም የማያሳውቅ ድረ ገጽ ላይ የተያዘ ውርርድ ግን በማንም ማያ ላይ አይበራም። የኮሚሽኑ ቅጣት የሚጸናውም አባል በሆኑ ውድድሮች ላይ ነው፤ የተቀጣ ተጫዋች አባል ባልሆነ ውድድር ሊሰለፍ ይችላል።

ከማጭበርበር ውጭ የሆነ፣ ግን ተወራራጁን በተመሳሳይ ሁኔታ የሚጎዳ አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነሳ አይታለፍም፤ የስርጭቱ መዘግየት። ተጫዋቾች ስርጭቱን ተጠቅመው እንዳይሰልሉ ሲባል የኢ-ስፖርት ምስል ሆን ተብሎ በሰከንዶች፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ዘግይቶ ይተላለፋል። በታላላቅ ውድድሮች አወራራጁ መረጃውን ከጨዋታው ሰርቨር በቀጥታ ይገዛል። በትንንሾቹ ግን ኦድ አውጪውም እንደ ተመልካቹ የዘገየውን ምስል እያየ ሊሠራ ይችላል። ጨዋታው እየተካሄደ በሚያዝ ውርርድ ላይ ዙሩ ማለቁን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እሱ የሚወራረደው ባለፈ ነገር ላይ ነው። ‘ውርርድዎ እየተጣራ ነው’ የሚል መልእክት ለሰከንዶች የሚታየውም ድርጅቱ በዚህ መሐል አዲስ ነገር መከሰቱን ስለሚያጣራ ነው።

ግጥሚያው ተጭበርብሯል ከተባለ የተወራራጁ ገንዘብ ምን ይሆናል? በአብዛኞቹ ድርጅቶች የውል ደንብ ላይ አጠራጣሪ ውርርድን የመሰረዝና ያስያዙትን የመመለስ መብት የድርጅቱ ነው። ስረዛው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሂሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ጥርጣሬው ከተነሳ ነው። የአይባይፓወር ጉዳይ የተገለጠው ከአምስት ወር በኋላ ነበር፤ በኃያሉ ቡድን ላይ ዕቃቸውን ያስያዙ ሰዎች በዚያን ጊዜ ስኪኖቻቸው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው የት እንደደረሱ እንኳ አያውቁም ነበር።